ራውተሩ የማያውቃቸው የታወቁ ስልኮች

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና አቅራቢ ቢሮ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዋይፋዩንም የምከታተለው እኔ ነኝ። ሾፌሮችና እንግዶች እንዳይጠቀሙበት የ14 ሠራተኞችን ስልክ ብቻ በማክ ማጣሪያ አስገብቻለሁ። ለባለቤቱ ስልክ ደግሞ 192.168.1.20ን በቋሚነት ይዤለት፣ የካሜራው መቅጃ ለዚያ አይፒ ብቻ እንዲከፈት አድርጌ ነበር። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። ራውተሩን ቀይረን ለዋይፋዩ አዲስ ስም ከሰጠነው ወዲህ ግን ገሚሱ ስልክ አይገናኝም። የባለቤቱን ስልክ እንደገና መዝግቤ አስገባሁት፤ ኢንተርኔት ይሠራለታል፣ ካሜራው ግን አይከፈትለትም። ለቡናው ወቅት አጋሮ ሁለት ወር ከርሞ የተመለሰው ገዢያችን ስልክም፣ አይፎን ነው፣ ከመሄዱ በፊት መዝግቤው ሳለ አሁን እንደ እንግዳ ተቆጠረ። ሲሰለቸኝ ማጣሪያውን ገልብጬ የማይፈለጉትን ብቻ እንዲከለክል ባደርገው፣ የከለከልኩት ስልክ በማግስቱ ተመልሶ ገባ። ኮምፒውተሮቹና ፕሪንተሩ ምንም አልሆኑም። ራውተሩ ተበላሽቶ ይሆን?»

ምላሽ፦

ራውተሩ ደህና ነው፤ አይመልሱት። የተለወጠው ስልኮቹ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት መንገድ ነው። ኮምፒውተሮቹና ፕሪንተሩ ምንም አለመሆናቸውን መጻፍዎ ደግሞ የምርመራውን ግማሽ ሠርቶልኛል።

ማንኛውም የዋይፋይ መሣሪያ ከራውተር ጋር ሲነጋገር ማክ አድራሻ የሚባል መለያ ይዞ ይቀርባል። ርዝመቱ 48 ቢት ሲሆን በስክሪን ላይ የምናየው በ12 የሄክሳዴሲማል አሃዞች ተጽፎ ነው። በፋብሪካ የሚሰጠው አድራሻ የመጀመሪያ ግማሹ ለአምራቹ ኩባንያ የተመደበ ነው፤ ሁለተኛውን ግማሽ አምራቹ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለይቶ ይሰጠዋል። ለብዙ ዓመታት አንድ ስልክ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እስኪጣል ድረስ በየሄደበት ይኸንኑ አንድ አድራሻ ሲያሳይ ኖሯል። እርስዎ የሠሩት የ14 ስልኮች ዝርዝርም የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው።

ችግሩ ይህ አድራሻ ለማንም የሚታይ መሆኑ ነው። የዋይፋይ ይለፍ ቃል የመልእክቱን ይዘት ይሸፍናል እንጂ የላኪውንና የተቀባዩን ማክ አድራሻ አይሸፍንም። ስለዚህ በገበያ አዳራሽና በአውሮፕላን ማረፊያ መቀበያ የተከለ ሰው፣ ይህ ስልክ ትናንት መጥቶ ነበር፣ ዛሬም መጣ፣ እዚያኛው ቅርንጫፍ ውስጥም ታይቷል እያለ ባለቤቱ ሳያውቅ መከታተል ይችል ነበር። የስልክ አምራቾች መልስ አድራሻውን መደበቅ ሆነ። አፕል በ2014 በአይኦኤስ 8፣ ስልኩ ዋይፋይ ሲፈልግ ብቻ የውሸት አድራሻ እንዲያሳይ አደረገ። ለእርስዎ ዓይነቱ ቢሮ ወሳኙ ለውጥ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አንድሮይድ 10 በ2019፣ አይኦኤስ 14 ደግሞ በ2020 ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር ከተገናኘ በኋላም በራሱ የፈጠረውን አድራሻ ይዞ እንዲቆይ አደረጉ፤ ይህም ማንም ሳይጠይቅ በነባሪነት የሚሠራ ሆነ።

አሁን ዋናው ነጥብ፦ ስልኩ ይህን የግል አድራሻ የሚፈጥረው ለእያንዳንዱ የዋይፋይ ስም ለየብቻ ነው። ለቢሮዎ ዋይፋይ አንድ፣ ለቤቱ ሌላ፣ ለካፌው ሌላ። አንዴ ለአንድ ስም የፈጠረውን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይዞት ይቆያል። ከሁለት ዓመት በፊት ስልኮቹን ሲመዘግቡ ከፊሎቹን በእውነተኛ አድራሻቸው ሳይሆን ለድሮው የዋይፋይ ስም በፈጠሩት የግል አድራሻ ነው የመዘገቧቸው። ስሙ እስካልተነካ ድረስ አድራሻውም አልተነካም፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉም ነገር ትክክል መሰለ። አዲስ ስም ሲሰጡት ለእነዚያ ስልኮች ቢሮው አዲስ ቦታ ሆነ፤ አዲስ አድራሻም ፈጠሩለት። ማጣሪያው ሰውን በፊቱ ሳይሆን በለበሰው ጃኬት እንደሚለይ ዘበኛ ነው፤ ስልኮቹ ጃኬት ቀይረው መጡ። ያልተቸገሩት ስልኮች ወይ የቆዩ ናቸው፣ ወይም አንድ ሰው ቀደም ብሎ ይህን ባሕርይ አጥፍቶባቸዋል። ፕሪንተርና የካሜራ መቅጃ እንዲህ ዓይነት ልማድ የላቸውም፤ ዊንዶውስ ደግሞ ተግባሩ ቢኖረውም ሰው ካላበራው በስተቀር አይጠቀምበትም። ኮምፒውተሮችዎ የተረፉት ለዚህ ነው።

የገለጿቸው ሁለት ችግሮች መነሻቸው አንድ ቢሆንም መልካቸው ይለያያል፤ ልዩነቱን መያዝ ወደፊት ብዙ ድካም ያድናል። ማጣሪያው የሚጠይቀው በር ላይ ነው። አድራሻው በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ስልኩ ጨርሶ አይገባም፤ ስልኩ ግን የተከለከለበትን ምክንያት ስለማያውቅ «መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዱ ስልክ እንዲያውም ይለፍ ቃሉ እንደተሳሳተ አድርጎ ይናገራል። በዚህ የተነሳ ሰዎች ትክክለኛውን ይለፍ ቃል ደጋግመው ሲጽፉ ይውላሉ። የተያዘው አይፒ ጉዳይ ግን የሚነሳው ከበሩ በኋላ ነው። ስልኩ ገብቶ አይፒ ስጠኝ ይላል፤ አይፒ የሚያድለው የራውተሩ ክፍል፣ ዲኤችሲፒ የምንለው፣ ማክ አድራሻውን በተያዙት ዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፤ ካጣው ለማንኛውም እንግዳ እንደሚያደርገው ከነጻዎቹ መካከል አንዱን ይሰጠዋል። ባለቤቱ ላይ የደረሰው ይህ ነው። አዲሱን አድራሻ በማጣሪያው ውስጥ አስገብተውለታል፤ 192.168.1.20 የተያዘው ግን አሁንም ለድሮው አድራሻ ነው። ስልኩ ምናልባት .137 ወይም ሌላ ቁጥር ይዞ ኢንተርኔቱን ይጠቀማል፤ መቅጃው ግን ከ.20 በስተቀር ለማንም እንዳይከፍት ስለታዘዘ ዝም ይለዋል። ስልኩ የማይገባ ከሆነ ማጣሪያውን ይመልከቱ፤ ገብቶ አንድ ነገር ብቻ የማይከፈትለት ከሆነ ደግሞ የተያዘውን አይፒ።

በግምት እንዳንሄድ ይህንን በዓይንዎ ያረጋግጡ። የባለቤቱ ስልክ ተገናኝቶ ሳለ በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ይክፈቱ። ገጹ ካስቸገረዎት ከቢሮው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው መጀመሪያ `ping` ብለው ከአጠገቡ የስልኩን አይፒ ይጻፉ፤ ከዚያ ይህን ይጻፉ፦

```
arp -a
```

የሚያዩት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፦

```
192.168.1.10     4c-11-bf-20-7e-05   dynamic
192.168.1.11     a4-50-46-1b-7c-30   dynamic
192.168.1.137    d6-3f-90-1a-c2-48   dynamic
```

ከእያንዳንዱ አድራሻ ሁለተኛውን አሃዝ ብቻ ይዩ። የመጀመሪያው c ነው፣ የሁለተኛው 4 ነው፣ የሦስተኛው 6። ሁለተኛው አሃዝ 2፣ 6፣ A ወይም E ከሆነ አድራሻው በፋብሪካ የተሰጠ ሳይሆን መሣሪያው በራሱ የፈጠረው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በአድራሻው የመጀመሪያ ባይት ውስጥ ከታች ሁለተኛው ቢት «ይህ አድራሻ እዚሁ የተፈጠረ ነው» ለማለት የተመደበ ነው፤ የመጨረሻው ቢት ደግሞ አድራሻው የአንድ መሣሪያ ከሆነ ዜሮ መሆን አለበት። አንድ አሃዝ አራት ቢት ነው፤ በ1 እና በ0 የሚያልቁት የአራት ቢት ጥምሮች ደግሞ አራት ብቻ ናቸው፦ 0010፣ 0110፣ 1010 እና 1110፤ ማለትም እነዚያ አራት አሃዞች። ስለዚህ በምሳሌው .137 የያዘው ስልክ የግል አድራሻ ለብሷል፤ .10 እና .11 ግን በፋብሪካ አድራሻቸው ናቸው። ከማጣሪያው ዝርዝር ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን መስመር በዚህ ዓይን ቢያዩት ከድሮዎቹ 14 መካከል ስንቶቹ ከመጀመሪያውም የግል አድራሻ እንደነበሩ ይገለጥልዎታል።

ወደ ገዢው አይፎን ልምጣ፤ እዚህ ላይ አይፎንና አንድሮይድ መንገዳቸው ይለያያል። አንድሮይድ በተለመደው አሠራሩ ለአንድ ስምና ለአንድ የጥበቃ ዓይነት የሚፈጥረው አድራሻ ጽኑ ነው። ኔትወርኩን ከስልኩ ላይ ሰርዘው እንደገና ቢያስገቡት ያው አድራሻ ይመለሳል፤ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ ግን ይቀየራል። አይፎን ላይ አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ፦ ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ ስልኩ አንድን ኔትወርክ ስድስት ሳምንት ካልጎበኘው ሲመለስ በሌላ አድራሻ ይመጣል። ገዢዎ በአጋሮ ሁለት ወር ቆይቷል። ስልኩም ሆነ እርስዎ ምንም አልነካችሁም፤ ስድስቱ ሳምንት አልፎ ብቻ ነው። የቡና ንግድ ባለበት ቢሮ ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል፤ ሰው ለመኸሩ ወጥቶ የሚመለሰው ከዚያ ጊዜ በኋላ ነውና።

በአይፎን ላይ ሌላም ልታዩት የሚገባ ነገር አለ፤ ከአይኦኤስ 18 ወዲህ ምርጫው ሦስት ሆኗል፦ `Off`፣ `Fixed` እና `Rotating`። የመጨረሻው ማለት አድራሻው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ይቀይራል ማለት ነው። ስልኩ ይለፍ ቃል በሌለው ወይም ጥበቃው ደካማ በሆነ ዋይፋይ ላይ ይህንኑ በነባሪነት ይመርጣል። ደካማ የሚለው ደግሞ የድሮውን `WEP`፣ የመጀመሪያውን `WPA`ና `TKIP` የሚባለውን ምስጠራ ነው። አዲሱን ራውተር የተከለልዎ ሰው ለአሮጌ መሣሪያዎች አስቦ `WPA/WPA2 Mixed` ወይም `TKIP+AES` ላይ ትቶት ከሆነ አይፎኖቹ ቢሮዎን እንደማይታመን ቦታ ቆጥረው በየሁለት ሳምንቱ ቢያስቸግሩዎት አይገርመኝም። የራውተሩን የጥበቃ ገጽ ከፍተው `WPA2-PSK (AES)` ብቻ ያድርጉት፤ ራውተሩም ስልኮቹም ከቻሉ `WPA3` ያለበትን ይምረጡ። ይህ ለማጣሪያው ሲባል ባይሆንም መደረግ የነበረበት ነው። ታዲያ ለውጡን ስልኮቹን ከመመዝገብዎ በፊት ይጨርሱት፤ የጥበቃው ዓይነት ሲቀየር የአንድሮይዶቹ አድራሻ አብሮ ሊቀየር ይችላልና።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፤ በብዙ ቢሮዎች የማየው ነውና። ራውተሩ ሁለት ስም እያሰራጨ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ተራው ስም፣ ሌላው መጨረሻው ላይ `_5G` የተጨመረበት። ለስልኩ እነዚህ ሁለት ስሞች ሁለት ቦታዎች ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ይፈጥርላቸዋል። ባለቤቱ በቢሯቸው ውስጥ በአንደኛው ተገናኝተው ካሜራው ይከፈታል፤ ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ ስልኩ በራሱ ወደ ሌላው ስም ይዛወርና ይዘጋባቸዋል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚል አቤቱታ ከመጣ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስም መስጠት ይፈታዋል።

አሁን ወደ ጥገናው። ነገ ጠዋት ሰዎች ሥራ እንዲጀምሩ የሚያስፈልገው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ማጣሪያው እንደበራ ስልኮቹን ልታስተካክሉ ብትሞክሩ ስልኩ ስለማይገባ አዲሱን አድራሻ ራውተሩ ላይ በቀላሉ ማየት አትችሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ማጣሪያውን ያጥፉት። ከዚያ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስልክ ተቀብለው ለቢሮው ዋይፋይ ብቻ የግል አድራሻውን ያስቀሩት። በአብዛኛው አንድሮይድ ስልክ `Settings` ውስጥ ገብተው `Wi-Fi` ሲሉ ከቢሮው ስም አጠገብ ያለውን ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስል ምልክት ይጫኑና `Privacy` የሚለውን ከፍተው `Use device MAC` ይመርጣሉ። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ `View more` ካሉ በኋላ `MAC address type` የሚል ያገኛሉ፤ ምርጫው `Phone MAC` ነው። በአይፎን ከስሙ አጠገብ ያለውን የ`i` ምልክት ነክተው `Private Wi-Fi Address` የሚለውን `Off` ያደርጋሉ። አይፎኑ ከኔትወርኩ ስም ሥር `Privacy Warning` ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ያ ስልኩ እውነተኛ አድራሻውን እያሳየ መሆኑን ማሳሰቢያ እንጂ ብልሽት አይደለም፣ ሠራተኛው እንዳይደነግጥ አስቀድመው ይንገሩት። ይህ ምርጫ ለዚህ ዋይፋይ ብቻ እንደሆነም ያስረዱት። በካፌና በሆቴል የግል አድራሻው እንደበራ ሊቆይለት ይገባል፤ በዚያ ጠቃሚ ነው።

`Fixed` አይበቃም ወይ ቢሉኝ፣ ለተራ ሠራተኛ ይበቃል። እንደ ገዢው ለወራት ለሚወጣ ሰውና አይፒ ለተያዘለት ስልክ ግን `Off` እመርጣለሁ፤ የስድስት ሳምንቱ ሕግ `Fixed`ንም ላይምር ይችላልና።

ስልኩ ከተስተካከለ በኋላ ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩት፤ ከዚያ አድራሻውን ከራውተሩ ዝርዝር ላይ ይቅዱ። ከስልኩ `About` ገጽ ላይ አይቅዱ፤ ራውተሩ የሚያየውና ስልኩ ስለ ራሱ የሚያሳየው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሁለተኛው አሃዝ ከእነዚያ አራቱ መካከል አለመሆኑን ይፈትሹ። ለባለቤቱ በዲኤችሲፒ ገጽ ላይ በድሮው አድራሻ የተያዘውን 192.168.1.20 ይሰርዙና ለአዲሱ ይያዙት፤ ድሮውን ሳይሰርዙ ሊጨምሩ ከሞከሩ ብዙ ራውተር ቁጥሩ ተይዟል ብሎ ይመልስዎታል። ስልኩ .137ን ገና በእጁ ስላለ ወዲያው .20ን ላይወስድ ይችላል። ዋይፋዩን እንደገና አጥፍተው ቢያበሩት አዲሱን ይጠይቃል፤ እምቢ ካለ ኔትወርኩን ከስልኩ ሰርዘው ያስገቡት፤ በዚህ ጊዜ የግል አድራሻው ተመልሶ በርቶ ሊመጣ ስለሚችል ምርጫውን እንደገና ይመልከቱ። ሁሉም ከገቡ በኋላ ማጣሪያውን በአዲሱ ዝርዝር ማብራት ይችላሉ።

«ለምን በባለቤቱ ስልክ ላይ .20ን በእጅ አልጽፍም?» የሚል ሐሳብ ሊመጣዎ ይችላል። ይሠራል፤ ማክ አድራሻው ቢቀያየርም አይፒው አይነቃነቅም። ሆኖም .20 ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውስጥ ከሆነ አንድ ቀን ሌላ ስልክ ይወስደውና ሁለቱም ይበጣበጣሉ። ደግሞም ባለቤቱ በእጅ የጻፉትን .20 ማንኛውም ሠራተኛ በእጁ ሊጽፈው ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት የካሜራው መቅጃ ለእሱም ይከፈታል። ይህ ከመጀመሪያውም የነበረ ቀዳዳ ነው፤ የግል አድራሻው ችግር ብቻ ገለጠው።

እዚህ ላይ ነው ከእርስዎ አሠራር ጋር የማልስማማው። ማክ ማጣሪያ ጥበቃ ሆኖ አያውቅም። አድራሻው በአየር ላይ ሳይሸፈን የሚሄድ ስለሆነ ማየት ለሚችል ሰው መቅዳትና በራሱ ኮምፒውተር ላይ መለጠፍ የደቂቃዎች ሥራ ነበር፤ የግል አድራሻ ከመምጣቱ በፊትም። አሁን ደግሞ ለመቅዳት እንኳ መድከም ቀርቷል። የከለከሉት ስልክ በማግስቱ የተመለሰው ባለቤቱ ጠላፊ ሆኖ አይደለም፤ አይፎን ከሆነ ኔትወርኩን ሰርዞ መልሶ አስገብቶት ይሆናል፣ አንድሮይድ ከሆነ የግል አድራሻውን ምርጫ ነክቶት። በአንድ ጣት የሚሠራ ነው። እየመረጡ የመከልከያ ዝርዝር በዛሬ ስልኮች ላይ ፈጽሞ ከንቱ ስለሆነ ዛሬውኑ ይተዉት። የፈቃድ ዝርዝሩ ቢያንስ የማያውቀውን ያስቀራል፤ ዋጋው ግን በየወሩ የእርስዎ ጊዜ ነው።

የሚበጀው ለሾፌሮችና ለእንግዶች የራሳቸውን ዋይፋይ መስጠት ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚሸጥ ራውተር አብዛኛው `Guest Network` የሚል ገጽ አለው። እዚያ ሌላ ስምና ሌላ ይለፍ ቃል ይስጡት፤ የቢሮውን ኔትወርክ እንዲያይ የሚፈቅደውን ምርጫ ያጥፉት፤ ራውተሩ ከፈቀደ ፍጥነቱንም ይገድቡት። በዚህ ኔትወርክ ላይ ስልኮች አድራሻቸውን በየሰዓቱ ቢቀያይሩ እርስዎን አይመለከትዎትም። እዚህ ላይ ብቻ የአይፒ ቆይታ ጊዜውን፣ `Lease time` የሚባለውን፣ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ያሳጥሩት። አድራሻ የሚቀያይር አንድ ስልክ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ስለሚቆጠር፣ ቆይታው ሳምንት ከሆነ ቁጥሮቹ በሌሉ ስልኮች ተይዘው ያልቃሉ። ይህን ለእንግዶቹ ለብቻ መወሰን የማይፈቅድ ራውተር ከሆነ ለሁሉም 24 ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል።

የማይፈለጉት ሰዎች ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዋይፋይ ስለሌላቸው ነው። የእንግዳው ከተከፈተላቸው በኋላ የቢሮው ይለፍ ቃል በሠራተኞቹ ዘንድ ብቻ ይቀራል፤ ማጣሪያውም አያስፈልግም። ሠራተኛ ሲለቅ ይለፍ ቃሉን ይቀይራሉ። ሲቀይሩ ግን የዋይፋዩን ስም አይንኩት። ይለፍ ቃል መቀየር በአንድሮይድ ላይ የግል አድራሻውን አይለውጠውም፤ ስም መቀየር ግን ይለውጠዋል። ራውተር ስትቀይሩም የድሮውን ስምና የጥበቃ ዓይነት አስቀጥሉ፤ ያን ጊዜ ይህን ብታውቁ ኖሮ ገሚሱ ግርግር አይፈጠርም ነበር።

ካሜራውን በተመለከተ ፈቃዱን ከአይፒ ወደ ሰው ያዛውሩት። መቅጃው ለየሰው የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል መስጠት ይችላል። ለባለቤቱ ሙሉ መብት ያለው፣ ለመጋዘን ኃላፊው ደግሞ ቀጥታ ምስል ማየት ብቻ የሚፈቀድለት መለያ ይክፈቱ። ከዚያ ለ.20 ብቻ እንዲከፈት የሚለውን ሕግ ያንሡ፤ ፋብሪካው የሰጠውን የ`admin` ይለፍ ቃል አስቀድመው መቀየርዎን ግን እርግጠኛ ይሁኑ፣ አለበለዚያ በሩን ከፍተው መሄድ ይሆናል። ከዚህ በኋላ አይፒ በቋሚነት መያዝ የሚያስፈልገው ቦታቸውን ለማይለቁት ብቻ ነው፦ ለመቅጃው፣ ለፕሪንተሩና ለሚዛኑ ኮምፒውተር። እነሱ አድራሻ አይቀያይሩም። ስልክ የሚፈልግ አካል ነው እንጂ የሚፈለግ አይደለም፤ ስለዚህ ቋሚ አይፒ ባይኖረውም ምንም አይጎድልበትም።

አንዳንድ ሰው በዚህ ላይ ሁሉም ሠራተኛ በራሱ ስምና ይለፍ ቃል እንዲገባ የሚያደርገውን `WPA2-Enterprise` ይመክርዎት ይሆናል። እውነት ነው፣ ራውተሩ ሰውን በስሙ እንጂ በስልኩ አድራሻ ስለማይለይ የግል አድራሻውን ጉዳይ ከሥሩ ይነቅለዋል፤ አንድ ሰው ሲለቅም የእሱን መለያ ብቻ ዘግቶ ሌላውን አለመንካት ይቻላል። ለኮሌጅ ወይም ለሆስፒታል ይህን ነው የምመርጠው። ሆኖም ስሞቹን የሚያረጋግጥ `RADIUS` የሚባል አገልግሎት መኖርና የሚንከባከበው ሰው ያስፈልጋል። ለ14 ስልክ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለት ዋይፋይና መለያ ያለው መቅጃ ይበቃዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት የማጣሪያውንና የተያዙትን አይፒዎች ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። አዲሱ አሠራር ሁለት ሳምንት ሳያወላዳ ከሠራ በማጣሪያው ዝርዝር ውስጥ የተከማቹትን መስመሮች በሙሉ ሰርዟቸው፤ ከመካከላቸው አብዛኞቹ ማንም ስልክ ተመልሶ የማይለብሳቸው አድራሻዎች ናቸው።